ጭፍን ተቅሊድና የኢስላሕ ዑለማዎች ትችት፦ በአንድ ጊዜ የተነገረ ሦስት ፍቺ እንደ ማሳያ (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

እነዚህ ጥያቄዎች በሐረርና በድሬዳዋ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በመስጊድ ደጃፍ፣ በርጫ ላይ፣ አንዳንዴም በቤተሰብ ሽምግልና መካከል በተደጋጋሚ የሚነሱ ናቸው። ጉዳዩ ሰፊ ስለሆነ ሁሉንም ለመዳሰስ አልሞከርንም። ክርክሩ ከቃል አልፎ በሰው ትዳር ላይ የሚያርፍበትን አንድ ጉዳይ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የተነገረ ሦስት ፍቺን መርጠን በእሱ በኩል ለማሳየት ሞክረናል። ሌላ ካልተገለጸ በስተቀር ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተቅሊድ ምንድን ነው? የሚተቸውስ ሁሉም ተቅሊድ ነው?

በኡሱሉል ፊቅህ አነጋገር ተቅሊድ ማለት የአንድን ዓሊም ብይን ደሊሉን (ማስረጃውን) ሳያውቁ መቀበል ነው። በዚህ ትርጉም ከሄድን አብዛኛው ሰው ሙቀሊድ ነው። ከፊራ ገበያ የምትነግድ እናት ስለ ዘካዋ ኡስታዝ ጠይቃ የተነገራትን ብታደርግ ተቅሊድ አድርጋለች፤ በዚህ ምክንያት የሚወቅሳት የኢስላሕ፣ ማለትም የተሃድሶ ወገን፣ ዓሊም ግን ጥቂት ነው።

ትችቱ በዋናነት የሚያነጣጥረው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ኢብኑል ቀይም (በ1350 የሞቱ) «ኢዕላሙል ሙወቂዒን» በተሰኘው መጽሐፋቸው ለዚህ ጉዳይ ረጅም ክፍል ሰጥተው የተከለከለውን ተቅሊድ በሦስት ይከፍሉታል። አንደኛው አላህ ካወረደው ዞር ብሎ አባቶች በነበሩበት መብቃቃት ነው። ሁለተኛው ለመከተል ብቁ መሆኑ የማይታወቅን ሰው መከተል ነው። ሦስተኛው ማስረጃው ግልጽ ከሆነ በኋላ ከማስረጃው ተቃራኒ የሆነውን ንግግር ይዞ መቆየት ነው። ከሦስቱ ውስጥ ዛሬም ድረስ የሚያከራክረው ሦስተኛው ነው፤ ምክንያቱም «ማስረጃው ግልጽ ሆኗል» የሚለውን የሚወስነው ማን እንደሆነ ሁለቱ ወገኖች አይስማሙም። ከዚህ በታች የምናየው ክርክር ሁሉ ከዚያች ጥያቄ የሚፈልቅ ነው።

ትችቱ የመጣው ከወሃቢያ ነው የሚባለው እውነት ነው?

ሙሉ በሙሉ አይደለም። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ብዙ ሰው እንዲህ የሚያስበው ሐሳቡ እዚህ በስፋት የተሰማው ከሐጅ ተመላሾችና በዐረብ አገር ከተማሩ ሰዎች ጋር ተያይዞ ስለሆነ ይመስለናል። ይሁንና ሙሐመድ ኢብኑ ዐብዱልወሃብ (1703–1792) በነጅድ ሲነሱ ዋነኛ ትኩረታቸው ተውሒድ እንጂ የፊቅህ መዝሀቦች አልነበሩም፤ እሳቸውና ተከታዮቻቸው በፊቅህ ራሳቸውን ከሐንበሊይ መዝሀብ ይቆጥሩ ነበር።

ተቅሊድን ፊት ለፊት የገጠሙት ሌሎች ናቸው። በየመን ከ1795 ጀምሮ የሰንዓ ዋና ቃዲ የነበሩት ሙሐመድ ሸውካኒ (በ1834 የሞቱ) ያደጉበትን የዘይዲይ መዝሀብ ተሻግረው በቀጥታ ከሐዲስ ብይን ማውጣት እንደሚቻልና እንደሚገባ ጽፈዋል፤ ስለ ኢጅቲሃድ፣ ማለትም ከማስረጃ በቀጥታ ብይን ስለ ማውጣት፣ እና ስለ ተቅሊድ የጻፉት «አልቀውሉል ሙፊድ» የተሰኘ ድርሳንም አላቸው። በሕንድ የዴልሂው ሻህ ወሊዩላህ (1703–1762) በለዘበ አነጋገር ተመሳሳይ ነገር ተናግረዋል። ከዚያ በግብፅ ከ1899 ጀምሮ ሙፍቲ የነበሩት ሙሐመድ ዐብዱህ (1849–1905) እና ደቀ መዝሙራቸው ረሺድ ሪዳ (1865–1935) ሐሳቡን ወደ ዘመናዊ ሕትመት አመጡት። ሪዳ በ1898 በጀመሩት «አል-መናር» መጽሔት ላይ በአንድ ሙስሊሕና በአንድ ሙቀሊድ መካከል የሚደረግ ጭውውት በተከታታይ አወጡ፤ ጽሑፉ በኋላ በመጽሐፍ መልክ ታትሟል።

እነዚህ ሰዎች መነሻቸው አንድ ይምሰል እንጂ መድረሻቸው ይለያያል። ሸውካኒ መዝሀቡን የሚተውት ወደ ሐዲሱ ለመመለስ ነው። ዐብዱህ ደግሞ የዘመኑን ሕዝብ ጥቅም (መስለሓን) እና አእምሮን ትልቅ ቦታ ይሰጣሉ። ስለዚህ «ተቅሊድን እንተው» የሚሉ ሁለት ሰዎች ከተዉት በኋላ ፍጹም የተለያየ ቦታ ሊደርሱ ይችላሉ።

በአንድ ጊዜ የተነገረ ሦስት ፍቺ ከተቅሊድ ጋር ምን ያገናኘዋል?

አንድ ሰው ተቆጥቶ ሚስቱን «በሦስት ፈትቼሻለሁ» ቢላት ምን ይሆናል? የአራቱም መዝሀቦች መልስ፣ የሐረርና የድሬዳዋ ሕዝብ በአብዛኛው የሚከተለውን የሻፊዒይ መዝሀብ ጨምሮ፣ ሦስት ሆኖ ይጸናል የሚል ነው። ይህ ማለት ሰውየው በዒዳዋ ውስጥ ሊመልሳት አይችልም፤ በአዲስ ኒካሕም ሊያገባት አይችልም። በሱረቱል በቀራ 230ኛ አንቀጽ መሠረት ሌላ ባል አግብታ፣ ትዳሩ እውነተኛ ሆኖ፣ ያኛውም ከተለያት ብቻ ነው የመጀመሪያው ባል እንደገና ሊጠይቃት የሚችለው።

ከዚህ የተነሳ አንድ ነውር ተፈጠረ። ባል በማግሥቱ ይጸጸታል፤ ሽማግሌ ይልካል፤ መፍትሔ ሲጠፋ አንድ ሰው ለአንድ ሌሊት «አግብቶ» እንዲፈታት ይደረጋል። ይህ ተሕሊል ይባላል፤ በሐዲስ አድራጊውም የሚደረግለትም የተረገሙበት ነው። ኢብኑ ተይሚያ (1263–1328) በደማስቆ ሆነው በዚህ ጉዳይ ላይ የጻፉት ሰዎች ከአንድ የቁጣ ቃል ለመውጣት ወደ ተረገመ ተግባር ሲገፉ አይተው ነው። በአንድ ጊዜ የተባለ ሦስት እንደ አንድ ይቆጠራል አሉ። ይህ ብይናቸውና በፍቺ ስለ መማል የሰጡት ፈትዋ ከዘመናቸው ዑለማ ጋር አጋጫቸው፤ በመሐላው ፈትዋ ምክንያትም በ1320 ለወራት በደማስቆ ግንብ ታስረዋል።

ማስረጃቸው ምን ነበር? ዋናው በሰሒሕ ሙስሊም የተዘገበው የኢብኑ ዐባስ ሐዲስ ነው። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን፣ በአቡ በክር ዘመንና በዑመር ኸሊፋነት የመጀመሪያ ሁለት ዓመታት ሦስት ፍቺ እንደ አንድ ይቆጠር ነበር፤ ከዚያ ዑመር ሰዎች ፋታ በነበራቸው ጉዳይ ላይ መቸኮላቸውን አይተው ሦስቱን አጸኑባቸው ይላል። ከቁርኣን ደግሞ «ፍቺ ሁለት ጊዜ ነው» የሚለውን አንቀጽ (2፥229) ያቀርባሉ፤ «ጊዜ» የሚባለው አንዱ ካለፈ በኋላ ሌላው ሲመጣ ነው። አንድ ሰው «ሱብሓነላህ መቶ ጊዜ» ብሎ በአንድ ትንፋሽ ቢናገር መቶ ጊዜ ተስቢሕ አደረገ አይባልም ሲሉ ይከራከራሉ።

የተቅሊድ ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የኢስላሕ ዑለማዎች «ሐዲሱ በሙስሊም ውስጥ አለ፤ ተነቧል፤ ታዲያ በአራቱ መዝሀቦች መጽሐፍ ሌላ ስለተጻፈ ብቻ እንዴት እንተወዋለን?» ይላሉ።

የሻፊዒይ ዑለማዎች ይህን ሐዲስ አያውቁትም ነበር ማለት ነው?

በደንብ ያውቁታል፤ ይህን አለማወቅ ደግሞ በሌላው ወገን የሚታይ ጭፍንነት ነው። ሰሒሕ ሙስሊምን ያብራሩት ታላቅ የሻፊዒይ ዓሊም ኢማሙ ነወዊ (በ1277 የሞቱ) ናቸው፤ በሐረር መድረሳዎች ለዘመናት ሲቀራ የኖረውን «ሚንሃጁ ጣሊቢን» የጻፉትም እሳቸው ናቸው። በማብራሪያቸው ላይ ሐዲሱን እንዲህ ይፈቱታል፦ በመጀመሪያው ዘመን ሰዎች «ፈትቼሻለሁ፣ ፈትቼሻለሁ፣ ፈትቼሻለሁ» ሲሉ በአብዛኛው ቃሉን ለማጠንከር እንጂ አዲስ ፍቺ ለመጨመር አልነበረም፤ ስለዚህ አንድ ተደርጎ ተቆጠረ። በዑመር ዘመን ግን ሰዎች ሦስቱንም እያሰቡ መናገር ስላበዙ ብይኑ በዚያው መሠረት ሆነ። ሐዲሱ የሚነግረን የሰዎች ልማድ መለወጡን እንጂ የሕጉን መለወጥ አይደለም ማለታቸው ነው። በተጨማሪ ኢብኑ ዐባስ ራሳቸው ሚስቱን በሦስት ፈትቶ ለመጣ ሰው ሦስቱ እንደጸኑበት ፈትዋ መስጠታቸው በአቡ ዳውድ ተዘግቧል፤ ዘጋቢው ከዘገበው በተቃራኒ ፈትዋ መስጠቱ ሐዲሱ እንደ ላይ ላዩ እንዳልሆነ ያሳያል ይላሉ።

ኢብኑ ተይሚያና ኢብኑል ቀይም ለዚህም መልስ አላቸው፦ ሚዛኑ ሰሓባው የዘገበው እንጂ የራሱ አስተያየት አይደለም። ክርክሩ በዚህ መንገድ ይቀጥላል። እኛ እዚህ ማሳየት የፈለግነው ሁለቱም ወገን ደሊል ይዞ እንደሚናገር ነው። «መዝሀብ ማለት ደሊል የሌለው ነገር ነው» የሚል ወጣት የነወዊን ማብራሪያ ገልጦ አላየም።

ታዲያ በተግባር «ጭፍን» የሚባለው የትኛው ነው? አንድ ምሳሌ ስጡን።

በድሬዳዋ አንድ ሾፌር ከሚስቱ ጋር በገንዘብ ተጣልቶ በአንድ ትንፋሽ «ፈትቼሻለሁ፣ ፈትቼሻለሁ፣ ፈትቼሻለሁ! ሂጂ ወደ ቤተሰቦችሽ!» አለ እንበል። ጎረቤት ሰምቷል። በማግሥቱ ሰፈሩ በሙሉ «በሦስት ፈቷታል፣ አለቀ» ብሎ ፈርዷል። አንድ ዘመድ ደግሞ ከስልኩ የሰማውን አጭር ትምህርት ይዞ «አንድ ብቻ ነው፣ መዝሀብ የሚባል ነገር የለም» ይላል።

አሁን ሚንሃጅን በትክክል የቀራ የሻፊዒይ ቃዲ ፊት ጉዳዩ ቢቀርብ ምን ይጠይቃል? መጀመሪያ የተባለውን ቃል ይለያል። በመዝሀቡ የታወቀው አቋም «ጦላቅ» የሚለው ቃል በሌላ ቋንቋ ሲተረጎም ግልጽ (ሶሪሕ) ቃል ሆኖ ይቀጥላል የሚል ነው፤ ስለዚህ «ፈትቼሻለሁ» የሚለው አማርኛ ኒያ ሳይጠየቅበት ፍቺ ነው። «ሂጂ ወደ ቤተሰቦችሽ» ግን አሽሙር (ኪናያ) ነው፤ ፍቺ አስቦ ካልተናገረው ምንም አይሆንም። ቀጥሎ በሦስቱ «ፈትቼሻለሁ» መካከል ዝምታ ወይም ሌላ ንግግር ገብቶ እንደሆነ ይጠይቃል። ከገባ ሦስት ነው። ካልገባ ግን ባልየው ምን አስቦ እንደደጋገመ ይጠየቃል። ለማጠንከር (ለተእኪድ) ከሆነ አንድ ነው፤ አዲስ ፍቺ ለመጀመር ከሆነ ሦስት ነው፤ ምንም ሳያስብ ከሆነ ደግሞ በመዝሀቡ ውስጥ ሁለት አነጋገሮች ሲኖሩ የበለጠ የጸናው ሦስት ነው የሚለው ነው።

እንግዲህ ሾፌሩ ቃሉን የደጋገመው ለማጠንከር ከነበረ፣ ሰፈሩ «በሻፊዒይ አለቀ» ያለው ጉዳይ በራሱ በሻፊዒይ መጽሐፍ አንድ ፍቺ ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ ከዚህ ቀደም ሁለት ጊዜ ፈትቷት ካልሆነ በስተቀር በዒዳዋ ውስጥ ሊመልሳት ይችላል። ለዚህ ኢብኑ ተይሚያን መጥቀስ እንኳ አላስፈለገም። በእኛ አስተያየት በአካባቢያችን ጭፍን ተቅሊድ እየተባለ ከሚወቀሰው ውስጥ ትልቁ ክፍል ሻፊዒይን መከተል ሳይሆን ጎረቤትን መከተል ነው። በአንጻሩ ሰውየው ተረጋግቶ «በሦስት ፈትቼሻለሁ» ብሎ ቁጥሩን ከተናገረ፣ ይህ የማጠንከር በር ተዘግቷል፤ በመዝሀቡ ሦስት ነው፤ ከዚያ የሚያስወጣ መልስ ካለ የሚገኘው ከኢብኑ ተይሚያ ወገን ብቻ ነው። እውነተኛው የመዝሀብና የኢስላሕ ልዩነት ያለው በዚህች ጠባብ ቦታ ነው።

ኢማሙ ሻፊዒይ ራሳቸው «ሐዲስ ከተረጋገጠ እሱ ነው መዝሀቤ» አላሉም?

ብለዋል ተብሎ በስፋት ይጠቀሳል፤ ከዚህም የጠነከረ ነገር አለ። ቀጥተኛ ተማሪያቸው ሙዘኒ የሻፊዒይን ፊቅህ ያሳጠሩበትን መጽሐፍ የሚጀምሩት ኢማሙ እሳቸውንም ሆነ ሌላውን ተቅሊድ ማድረግን እንደከለከሉ በመግለጽ ነው። የመዝሀቡ የመጀመሪያ አጭር መጽሐፍ ተቅሊድን በመከልከል መጀመሩ የኢስላሕ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት ነጥብ ነው፤ ያለ ምክንያትም አይደለም።

ነገር ግን ነወዊ «አልመጅሙዕ» በተባለው ሰፊ መጽሐፋቸው ይህ አባባል ሰሒሕ ሐዲስ ያየ ሁሉ «ይህ የሻፊዒይ መዝሀብ ነው» ብሎ እንዲሠራበት ፈቃድ አይደለም ይላሉ። ይህን ማለት የሚችለው በመዝሀቡ ውስጥ የኢጅቲሃድ ደረጃ የደረሰና ኢማሙ ሐዲሱን አላገኙትም ወይም መረጋገጡን አላወቁም ብሎ ለመገመት በቂ ምርምር ያደረገ ሰው ነው። ምክንያቱም ኢማሙ ብዙ ሐዲሶችን አይተው፣ በሌላ ማስረጃ ተሽረዋል ወይም ትርጉማቸው ሌላ ነው ብለው ትተዋቸዋል።

የኢጅቲሃድ በር ተዘግቷል የሚባለው ነገርስ?

በአራተኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን ተዘጋ የሚለው አነጋገር ለክርክር የሚመች ነው፤ ታሪኩ ግን እንደዚያ ቀጥተኛ አይደለም። በካይሮ የነበሩት የሻፊዒይ ዓሊም ሱዩጢ (በ1505 የሞቱ) ራሳቸውን ሙጅተሂድ ብለው ጠርተው የዘመናቸውን ሰዎች አስቆጥተዋል። በየዘመኑ አዲስ ነገር ሲመጣ ሙፍቲዎች አዲስ ብይን ሰጥተዋል። የተዘጋው አዲስ መዝሀብ የመመሥረት ፍላጎት ነው ቢባል ይቀርባል።

የኢስላሕ ትችት በመንግሥታት ሕግ ላይ ለውጥ አምጥቷል?

አምጥቷል፤ በጣም ግልጽ የሆነውም በዚሁ በፍቺ ጉዳይ ነው። ግብፅ በ1929 ባወጣችው ቁጥር 25 ሕግ በቃልም ሆነ በምልክት ከቁጥር ጋር የተነገረ ፍቺ እንደ አንድ ብቻ እንዲቆጠር ደነገገች። የግብፅ ፍርድ ቤቶች ለረጅም ጊዜ የሐነፊይን መዝሀብ ሲከተሉ ኖረው፣ በዚህ ነጥብ ላይ ከአራቱም መዝሀቦች ወጥተው ኢብኑ ተይሚያ የተሟገቱለትን አቋም ያዙ። በደማስቆ አንድን ዓሊም ከዘመኑ ዑለማ ጋር ያጋጨ አስተያየት ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ በካይሮ የመንግሥት ሕግ ሆነ ማለት ነው። ሌሎች ዐረብ አገሮችም ከዚያ ወዲህ በየሕጋቸው ተመሳሳይ አንቀጽ አስገብተዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያስገርመው ነገር ሳውዲ ዓረቢያ ነች። የአገሪቱ የታላላቅ ዑለማዎች ምክር ቤት በ1393 ዓመተ ሂጅራ (1973) ጉዳዩን መርምሮ በድምፅ ብልጫ በአንድ ቃል የተነገረ ሦስት ሦስት ሆኖ ይጸናል ብሎ ወሰነ፤ ሸኽ ዐብዱልዐዚዝ ኢብኑ ባዝ ግን አንድ ነው ከሚሉት አናሳ ድምፆች ወገን ነበሩ። ስለዚህ እዚህ አገር «ሰለፊ ከሆንክ አንድ ትላለህ፣ ሻፊዒይ ከሆንክ ሦስት ትላለህ» ተብሎ በጎራ የሚከፋፈለው ነገር ከእውነታው ጋር አይገጥምም።

በሐረርና በድሬዳዋ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሲሄድ እንዴት ይታያል?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኙ ይፈቅዳል፤ የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም በአዋጅ ቁጥር 188/1992 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ተጠናክረዋል። ፈቃድ የሚለው ቃል ከባድ ቃል ነው። ባል ሸሪዓ ፍርድ ቤት ስለሄደ ብቻ ሚስት መገደድ የለባትም፤ ካልፈቀደች ጉዳዩ በመደበኛው ፍርድ ቤት ይታያል። ከሁለቱም ፈቃድ በኋላ ቃዲው በሸሪዓ ይወስናል።

ሻፊዒይ ከሐነፊይ ኢማም ጀርባ ቢሰግድ ሶላቱ ይጸናል?

ድሬዳዋ ከ1902 ጀምሮ በባቡሩ ምክንያት ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው የተሰበሰበባት ከተማ ስለሆነች ይህ ጥያቄ አልፎ አልፎ ይነሳል። ኢማሙ ሚስቱን በእጁ ነክቶ ውዱእ ሳያደርግ ቢያሰግድ፣ በሐነፊይ ውዱኡ አልፈረሰም፤ በሻፊዒይ ግን ፈርሷል። ከሻፊዒይ ዑለማዎች መካከል በተከታዩ እምነት መሠረት ሶላቱ አይጸናም ያሉ አሉ። በ1903 ከደቡብ አፍሪካ ትራንስቫል ለሙሐመድ ዐብዱህ ከቀረቡት ሦስት ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነበር፤ እሳቸውም መስገድ ይቻላል ብለው መለሱ። በዚህ ነጥብ የኢስላሕ ሰዎች አሸንፈዋል ማለት ይቻላል። በመካ በካዕባ ዙሪያ ለአራቱ መዝሀቦች ለየብቻ ይቆም የነበረው ጀማዓ ከ1920ዎቹ አጋማሽ በኋላ በአንድ ኢማም ሥር ሆኗል፤ ዛሬ ይህን የሚቃወም ሰው ማግኘት ያስቸግራል።

ከየመዝሀቡ የሚቀለኝን እየመረጥኩ ብሠራስ?

ይህ ተልፊቅ ወደሚባለው ችግር ይወስዳል። የታወቀውን ምሳሌ እንውሰድ፦ አንድ ሰው ሚስቱን ነካ፤ እጁም ተቆርጦ ደም ፈሰሰው፤ ከዚያ ሰገደ። መንካቱን በሐነፊይ፣ ደሙን በሻፊዒይ አቃለለው። የሐነፊይ ዓሊም ብትጠይቁት ደሙ ውዱእህን አፍርሷል ይላል፤ የሻፊዒዩ ደግሞ መንካቱ አፍርሶታል ይላል። ሁለቱም በአንድ ቃል ሶላትህ አልጸናም ይሉታል። የመዝሀብ ወገን አንድን መዝሀብ ይዞ መቆየትን የሚያጠብቀው እንዲህ ያለውን ለመከላከል ነው። የኢስላሕ ወገን መልስ ደግሞ ምርጫው በቅለት ሳይሆን በደሊል ጥንካሬ ይሁን የሚል ነው፤ በተግባር ግን ሰው «ደሊሉ ጠነከረልኝ» የሚለው ብዙ ጊዜ የቀለለውን እንደሆነ ማየት ይቻላል።

ኢስላሕ ራሱ አዲስ ተቅሊድ አልፈጠረም?

ፈጥሯል፤ ይህን የሚሉት ተቃዋሚዎቹ ብቻ አይደሉም። በሶርያ ሸኽ ናሲሩዲን አልባኒ (1914–1999) የመዝሀብ ወገንተኝነትን ከሚተቹት ግንባር ቀደሙ ነበሩ፤ የዚያው አገር የሻፊዒይ ዓሊም ሰዒድ ረመዳን ቡጢ (1929–2013) ደግሞ መዝሀብ የለሽነትን በመቃወም መጽሐፍ ጽፈዋል። የቡጢ ዋና ጥያቄ ቀላል ነበር፦ ዐረብኛ የማያውቀው ሰው «ሐዲሱ ሰሒሕ ነው» የሚለውን ከማን ሰማ? ከአልባኒ ወይም ከሌላ ሙሐዲስ ከሆነ፣ ኢማሙ ሻፊዒይን መከተል ትቶ የዘመኑን ዓሊም ተከተለ እንጂ ከተቅሊድ አልወጣም።

ለዚህ ከኢስላሕ ወገን የሚሰጠው የተሻለ መልስ የሸውካኒ ነው። «የማታውቁ ከሆናችሁ ዐዋቂዎችን ጠይቁ» የሚለውን አንቀጽ የመዝሀብ ወገን ለተቅሊድ ማስረጃ ያደርገዋል፤ ሸውካኒ ግን ሰው የሚጠይቀው የዓሊሙን አስተያየት ሳይሆን አላህና መልእክተኛው ያሉትን ነው፤ ያን ከነገሩት በኋላ የሚሠራው በሰው አስተያየት ሳይሆን በዘገባ ነው ይላሉ። በንድፈ ሐሳብ ልዩነቱ ትክክል ነው። በመስጊድ ደጃፍ ላይ ግን ኡስታዙ «ደሊሉ እገሌ ሐዲስ ነው» ሲለው ራሱን የሚነቀንቀው ሰው፣ «ሚንሃጅ እንዲህ ይላል» ሲባል ራሱን ከሚነቀንቀው አባቱ ብዙ የራቀ አይመስለንም።

በሐረር ይህ ክርክር የራሱ ታሪክ አለው። በከተማዋ ስም የሚጠሩት ሸኽ ዐብዱላህ አልሐረሪ በ1950 ወደ ሊባኖስ ሄደው በዚያ በ2008 እስከ ሞቱ ድረስ የመዝሀብና የአሽዐሪይ ዐቂዳ ጠበቃ፣ የወሃቢያም ብርቱ ተቺ ነበሩ። እሳቸውን የሚወድና የሚቃወም ዛሬም በአንድ ሰፈር ይገኛል፤ በዚያ ክርክር ውስጥ ግን የፊቅህ ጥያቄ ከዐቂዳና ከፖለቲካ ጋር ተደባልቆ ስለሚቀርብ ስለ ተቅሊድ መማር የሚፈልግ ሰው ከእሱ ባይጀምር ይሻላል።

ባለቤቴን በቁጣ ሦስት ጊዜ ፈትቼሻለሁ ብያታለሁ። የትኛውን ልከተል?

ይህን ጽሑፍ አይከተሉ። ወደ ቃዲ ወይም በፊቅህ ወደታወቀ ሸኽ ይሂዱ፤ ሲሄዱም የሚጠየቁትን አስቀድመው ያስታውሱ። በትክክል የተናገሩትን ቃል በተናገሩበት ቋንቋ፣ በሐረሪም ይሁን በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ፣ ሳያስተካክሉና ሳይተረጉሙ ይያዙት። ቁጥር ጠቅሰው እንደሆነ፣ በቃላቱ መካከል ዝም ብለው እንደነበረ፣ ሲደግሙት ምን አስበው እንደነበረ፣ ከዚህ በፊት ፈትተው መልሰዋት ያውቁ እንደሆነ፣ በዚያ ቀን በሐይድ ላይ እንደነበረች ወይም አለመሆኗን፣ እና ቀኑን ይንገሩ፤ ቀኑ የሚያስፈልገው ዒዳው የሚቆጠረው ከዚያ ስለሆነ ነው። ባለቤትዎም የሰማችውን በራሷ አንደበት ትናገር፤ ብዙ ጊዜ የባልና የሚስት ትዝታ ይለያያል፣ ብይኑም በዚያች ልዩነት ላይ ሊንጠለጠል ይችላል። መልሱን እስኪያገኙ ድረስ ተለያይተው ይቆዩ፤ ሦስት ሊሆን በሚችል ነገር ላይ እንደ ባልና ሚስት መኖር በሁለቱም ወገን ዘንድ ጥንቃቄ የጎደለው ነው። አንድ ዓሊም ከጠየቁ በኋላ ደስ ያላሰኘዎትን መልስ ትተው የሚመችዎትን እስኪያገኙ ድረስ ከመስጊድ መስጊድ መዞርን ግን ሚንሃጅን የሚያስቀራውም ሸኽ፣ ሸውካኒን የሚያስተምረውም ኡስታዝ አይፈቅዱልዎትም።